ራጅ ላይ የታየ ጥላ ሁሉ የሳንባ ምች አይደለም

ለአዘጋጁ፦

ቬንቲሌተር በተባለው የመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ስላሉ ሕሙማን የሳንባ ምች ያወጣችሁትን አነበብኩ። ምርመራው ግን እንደጻፋችሁት ቀላል አይደለም። አንድ ታካሚያችን በ6ኛው ቀን አተኮሰው፤ ራጁ ላይም አዲስ ጥላ ታየ። መጀመሪያ ከመተንፈሻ ቱቦው አክታ ስበን ለካልቸር፣ ማለትም ጀርሙን አብቅሎ ለሚለይ ምርመራ፣ ላክን፤ አንቲባዮቲኩ ቀድሞ ቢሆን ካልቸሩ ባዶ ሆኖ ሊያሳስተን ይችል ነበር። ከወር በፊት በደም ሥር አንቲባዮቲክ ስለወሰደ፣ በክፍላችን የሚገኙ ጀርሞች መድኃኒት የመላመድ መረጃን አይተን፣ ሱዶሞናስ የተባለውን መድኃኒት በቀላሉ የማይበግረው ጀርምም የሚሸፍን አንቲባዮቲክ ጀመርን። ወፍራሙ አክታ ሲጸዳ ጥላው በማግስቱ ጠፋ። ለካስ በአክታ ተደፍኖ የተኮማተረ ሳንባ ኖሯል! ምች እንዲህ ቶሎ አይጠፋም። በ3ኛው ቀን ካልቸሩ ምንም ስላላበቀለና ታካሚው ስለተሻለው መድኃኒቱን አቆምን።

መከላከሉ ላይ የአልጋውን ራስጌ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ማንሳትን ጠቅሳችኋል፤ ማደንዘዣውን በየቀኑ ቀንሶ ቱቦው መውጣት ይችል እንደሆነ ማየቱን ግን ረስታችሁታል።

የፅኑ ሕሙማን ሐኪም