ለልጄ፦ የልደታዋን አንዲት ክፍል ለሁለት ስለ መክፈል

ውድ ልጄ፣

እንዴት ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽ በየቀኑ ስምሽን ሳታነሳ አትውልም።

ባለፈው በስልክ ያጫወትሽኝ ነገር ከልቤ አልወጣ ብሏል። ጎረቤት ቡና ልትጠጣ ስትመጣ አልጋሽ ጫፍ ላይ እንደምታስቀምጫት፣ ራትሽንም እዚያው አልጋው ላይ ሰሃኑን ጭንሽ ላይ አድርገሽ እንደምትበዪ ነገርሽኝ። ክፍሏን ከጣሪያ እስከ ወለል በሚወርድ መጋረጃ ለሁለት ልትከፍያት አስበሻል። ጨርቁን ከመግዛትሽ በፊት ይህን አንብቢልኝ። ዕድሜዬን በአናጺነት ስላሳለፍኩ፣ በጠባብ ቤት ውስጥ የትኛው ዕቃ እንደሚከፍልና የትኛው እንደሚያጨልም አውቃለሁ።

የላክሽልኝን ልክ ወረቀት ላይ አስፍሬዋለሁ። ወርዱ 4 ሜትር፣ ርዝመቱ 5 ሜትር ተኩል ነው። የመግቢያው በር በአጭሩ ግድግዳ ግራ ጫፍ ላይ ነው። መስኮቱ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ ነው፣ ሌላ መስኮት የለም። የማዕድ ቤቱ በር ደግሞ እንደገባሽ በስተቀኝ ይገኛል። ብርሃን የሚገባው ከአንድ አቅጣጫ ብቻ ስለሆነ፣ መጋረጃውን መሃል ላይ ከዘረጋሽው በር በኩል ያለው ግማሽ በቀትርም አምፖል ይፈልጋል። ጨርቁ የወጡን ሽታ ይይዛል። ዘንጉን ለመስቀል ደግሞ የኮንክሪቱን ጣሪያ በትራፓኖ መብሳት ግድ ነው፣ ይህን አከራይሽ በቀላሉ የምትፈቅድ አይመስለኝም።

የሚያስፈልግሽ ክፍሉን መዝጋት ሳይሆን፣ ከበር የሚገባ ሰው ዓይን አልጋሽ ላይ እንዳያርፍ ማድረግ ነው። ይህን ደግሞ በአንድ አጭር መደርደሪያ ታገኚዋለሽ፣ ቦታው ልክ ከሆነ።

አሁን አልጋሽ ያለው በስተቀኝ፣ መስኮቱ ጥግ ነው። ከበሩ የራቀ ጥግ ስለሆነ ብዙ ሰው የሚመርጠው እሱን ነው። ነገር ግን በሩ ግራ፣ አልጋው ቀኝ ሲሆን፣ በሩ ላይ የቆመ ሰው ክፍሉን በአግድም ሰያፍ አድርጎ ያየዋል፣ ምንም ብታቆሚ ከጎኑ አሻግሮ አልጋውን ያገኘዋል። ስለዚህ አልጋውን በሩ ወዳለበት ወገን፣ ወደ ግራው የመስኮት ጥግ አዙሪው። ያንቺ አልጋ ወርዱ አንድ ሜትር ከሃያ ስለሆነ፣ ጎኑን ከግራው ግድግዳ ጋር፣ ግርጌውን ወደ መስኮቱ፣ ራስጌውን ወደ በሩ አድርጊው። ራስጌሽ ከመስኮቱ መራቁ በራሱ ይጠቅምሻል፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት በብረት መስኮት ጠርዝ የሚገባውን ብርድ ታውቂዋለሽ።

ከራስጌው በኋላ መደርደሪያው ይቆማል። ከግራው ግድግዳ ተነስቶ ወደ ክፍሉ መሃል 1 ሜትር ከ60 ይገባል፣ ጥልቀቱ 35 ሳንቲም፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ30 ይሆናል። ቁመቱ ትንሽ መስሎሽ ከፍ ይበል እንደምትዪኝ አውቃለሁ፣ ግን ይህን አስቢ። በር ላይ የቆመ ሰው ዓይኑ ከመሬት 1 ሜትር ተኩል ወይም ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። ከዚያ ርቀት በመደርደሪያው አናት ላይ አሻግሮ ሲያይ፣ ዓይኑ መስኮቱ ያለበት ግድግዳ ላይ የሚያርፈው ከ1 ሜትር በላይ ነው። የፍራሽሽ ከፍታ ደግሞ ከ60 ሳንቲም አይበልጥም። ስለዚህ መስኮቱንና መጋረጃውን ያያል፣ አልጋውን አያይም። የመስኮቱ ብርሃን ግን በመደርደሪያው አናት ላይና ክፍት በቀረው 2 ሜትር ከ40 በኩል እስከ በሩ ይደርሳል። በዚያ ቦታ ላይ ቁም ሳጥን ብታቆሚ አልጋውን ይሸፍንልሻል፣ ብርሃኑንም አብሮ ይወስደዋል፣ የቁም ሳጥን ጀርባ ደግሞ እንግዳ ፊት የሚቆም ነገር አይደለም።

ቃሌን ብቻ አትመኚ፣ ገንዘብ ሳታወጪ ሞክሪው። አልጋውን ካዞርሽ በኋላ የመደርደሪያውን ቦታ ወለሉ ላይ በጠመኔ አስምሪ። ሲባጎ ከግራው ግድግዳ ጋር በወረቀት ፕላስተር ያዢው፣ ሌላውን ጫፍ ጓደኛሽ ትያዘው፣ ከመሬት 1 ሜትር ከ30 ላይ ወጥሩትና አንሶላ ጣሉበት። ከዚያ ወጥተሽ በሩን እንደ እንግዳ ከፍተሽ ግቢ። ፍራሹ ከታየሽ ሲባጎውን በአምስት በአምስት ሳንቲም ከፍ እያደረጋችሁ ደግማችሁ እዩ። ፍራሹ የማይታይበት የመጀመሪያው ልክ ነው ቁመትሽ፣ ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ብርሃን ይቀንሳል እንጂ አይጨምርልሽም።

መደርደሪያውን እኔ እሠራልሻለሁ። በአንድ ወጥ ብሠራው በእናንተ ደረጃ ላይ መዞር አይችልም፣ ሊፍትም የለም፣ ስለዚህ እያንዳንዳቸው 80 ሳንቲም በሆኑ ሁለት አካላት እሠራውና እዚያ በብሎን ይገጣጠማል። ቤት ስትቀይሪም ሁለት ሰው ያወርደዋል። የላይኛው ረድፍ በሁለቱም በኩል ክፍት ይሆናል፣ መጽሐፍና ስልክሽን ከአልጋው ወገን ታነሺበታለሽ። ከታች ያለውን በሶፋው በኩል በስስ ጣውላ እዘጋዋለሁ፣ ከአልጋው ወርድ አልፎ በሚወጣው ጫፍ በኩል ልብስና ጫማ ታስገቢበታለሽ። ከወለል በእግር ከፍ አደርገዋለሁ፣ ቺፑድ ወለል ሲወለወል ውኃ ከነካው ያብጣልና። ከባድ ዕቃ ሁሉ ከታች ይሁን። በአልጋውና በሶፋው መካከል ተጣብቆ ስለሚቆም ወዲያ ወዲህ ባይልም፣ ልጅ የያዘ እንግዳ ሊመጣ ይችላልና ግራው ግድግዳ ላይ በአንድ ማዕዘን ብረት ይያዝ። ያ ግድግዳ ባዶ ሆድ ያለው ብሎኬት ከሆነ ፊሸሩ ባዶው ላይ ይሽከረከራል እንጂ አይነክስም። በጣትሽ አንኳኪው፣ ድምፁ ደፈን የሚልበት ቦታ ላይ ይበሳ። ሁለት ቀዳዳ ናቸው፣ ለአከራይሽ አስቀድመሽ ንገሪያት፣ ስትወጪ በስቱኮ ይደፈናሉ።

ሶፋው ጀርባውን ለመደርደሪያው ሰጥቶ ፊቱን ወደ በሩ ያዞራል። ክፍሉን ከሁሉም ይበልጥ የሚከፍለው ይህ ነው። የተቀመጠ ሰው ጀርባውን ለአልጋው ከሰጠ፣ አልጋው እዚያ መኖሩን ይረሳዋል። 1 ሜትር ከ60 የሆነ ባለ ሁለት ሰው ሶፋ ከመደርደሪያው ጋር እኩል ይገጥማል። ሶፋው ከመደርደሪያው ረዝሞ ከወጣ መተላለፊያሽን ይበላዋል፣ ስትገዢ ሜትር ይዘሽ ሂጂ።

ከሶፋው ፊት ስጋጃ አንጥፊ። የሶፋው የፊት እግሮች ጠርዙን ይርገጡት፣ ካለዚያ ስጋጃው ይንሸራተታል፣ ሶፋውም የቦታው አካል አይመስልም። ወደ በሩ በኩል አንድ ሜትር ያህል ከታየ ይበቃል። ከዚያ እስከ በሩ ያለው ወለል ባዶ ይቅር፣ ጫማ የሚወልቀውም እዚያ ነው። ረከቦትሽንም በዚሁ ባዶ ወለል ላይ፣ ወደ ማዕድ ቤቱ ጠጋ አድርጊው እንጂ ስጋጃው ላይ አታስቀምጪው። ቡናውን በኤሌክትሪክ አፍዪ። ልጄ፣ በዚህች ክፍል መስኮት ዘግተሽ ከሰል እንዳታነጂ፣ ከከሰል የሚወጣው መርዝ ሳይሸት ነው ሰው የሚገድለው።

የምግብ ቦታሽ የቀኙ ግድግዳ ነው፣ ከማዕድ ቤቱ በር አለፍ ብሎ። 60 ሳንቲም የሚወጣ፣ 1 ሜትር የሚረዝም ጠረጴዛ ከግድግዳው ጋር አስጠጊ፣ ሁለት በርጩማ በሁለቱ ጫፍ ይሁን። በርጩማው ፊት ለፊት ከሆነ በተሳበ ቁጥር መንገድሽን ይዘጋል፣ በጫፎቹ ከሆነ ግን መሃሉ ሁልጊዜ ለማለፍ ክፍት ነው። በዚህ አቀማመጥ ከሶፋውና ከበርጩማዎቹ አልጋሽን ሊያሳይ የሚችል አንድ መቀመጫ ብቻ አለ፣ እሱም ከሁለቱ በርጩማዎች ፊቱ ወደ መስኮቱ የሆነው ነው። ከዚያ በመደርደሪያው ጫፍ አጠገብ የአልጋው ግርጌ ይታያል። እዚያ አንቺ ተቀመጪ፣ እንግዳሽን ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥተሽ አስቀምጫት። ቁም ሳጥንሽ ከአልጋው ማዶ ወደ ቀኙ የመስኮት ጥግ ይሂድ።

መብራቱ ላይ ትንሽ ልቆይ። ቀን መደርደሪያው የከፈለውን፣ ማታ ጣሪያው መሃል ያለው አንድ አምፖል መልሶ አንድ ያደርገዋል፣ ሁሉን እኩል ያበራልና። ማታ እሱን አጥፊው። አንድ የቁም መብራት ከሶፋው ጎን፣ አንድ ትንሽ በመደርደሪያው ላይ ወደ አልጋው የዞረ፣ አንድ ደግሞ ጠረጴዛው አጠገብ ይኑርሽ፣ የምትጠቀሚበትን ብቻ አብሪ። አምፖል ስትገዢ ካርቶኑ ላይ 2700K ወይም 3000K የሚለውን ቢጫ ብርሃን ውሰጂ፣ 6500K የሚለው ነጭ ብርሃን ለማዕድ ቤት ይሁን። የማከፋፈያው ገመድ በግድግዳው ጥግ ይሂድ እንጂ በስጋጃው ስር አይለፍ፣ ሲረገጥ ሽፋኑ ይላጣል። ምድጃሽን ማከፋፈያው ላይ አትሰኪ።

ይህ አቀማመጥ ዓይንን እንጂ ድምፅን እንደማያግድ ዕወቂ። እህትሽ መጥታ ሶፋው ላይ ብታድር፣ አንዷ ስልክ ስታወራ ሌላዋ አትተኛም። ደባል ልታስገቢ ካሰብሽ ይህ ቤት አይበቃችሁም፣ መደርደሪያም አያድናችሁም።

አሁን ከአንቺ የምፈልገው ሦስት ልክ ነው፦ በሲባጎው ያገኘሽው ቁመት፣ ከመስኮቱ ግድግዳ እስከ አልጋው ራስጌ ያለው ርዝመት፣ የደረጃው ወርድ ከሚጠብበት መታጠፊያ ላይ። አልጋውን ሳታዞሪ አትለኪ። ልኩ ሲደርሰኝ ጣውላውን እቆርጣለሁ።

አባትሽ