የቅበላ ቅዳሜ ሽያጭ በ300 ቀን ሲባዛ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

የግብር ወቅት በመጣ ቁጥር በሰሜን ሸዋ ከተሞች የአነስተኛ ነጋዴው ሮሮ አንድ ነው፤ «ከአቅሜ በላይ ተገመተብኝ»። ሮሮው ብዙ ጊዜ እውነት አለው። ወደ ገቢዎች ጽሕፈት ቤት የሚገባው ማመልከቻ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይህንኑ ሮሮ በወረቀት የደገመ ነው። «ገበያው ቀዝቅዟል፣ የቤት ኪራይ ጨምሯል፣ የልጆች አባት ነኝ» ብሎ ያቆማል። አጣሪው ይህን አንብቦ ሊያሻሽለው የሚችለው ቁጥር አያገኝም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ቁጥሩ የት ላይ እንደተሳሳተ እንዴት ማሳየት እንደሚቻል በአንድ ምሳሌ ለማስረዳት ነው። የመረጥኩት ልኳንዳ ቤት ነው፤ የግምቱ ስህተት እንደዚያ ጎልቶ የሚታይበት ንግድ የለምና።

የሂሳብ መዝገብ የማይዝ ነጋዴ ዓመታዊ ገቢ የሚገመተው በቀላል ማባዛት ነው። ገማቾች ሱቁን ጎብኝተው የቀን ሽያጭ ይገምታሉ፣ ያንን በዓመት በሚሠራባቸው ቀናት ያባዙታል። ስለዚህ ስህተቱ ከሁለቱ ቁጥሮች በአንዱ ወይም በሁለቱም ውስጥ ተደብቋል። ቅሬታ አቅራቢው የመጀመሪያ ሥራው እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ማወቅ ነው። ማስታወቂያው ላይ ጠቅላላው ብቻ ከተጻፈ፣ የቀን ግምቱ ስንት እንደሆነ፣ በየትኛው ቀን እንደተወሰደና በስንት ቀን እንደተባዛ በጽሑፍ ይጠይቅ። የጥያቄው ቅጂ በእጁ ይቅር። መልስ እስኪመጣ ብሎ ግን ቅሬታውን አያዘግይ፤ ቀኑ ይቆጠራል።

አሁን ወደ ምሳሌው። በአንዲት የዞናችን ከተማ ያለ የክርስቲያን ልኳንዳ ቤት የ2017 የግብር ዓመት ገቢው፣ ማለትም ከሐምሌ 1 ቀን 2016 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2017 ያለው፣ 4,200,000 ብር ነው ተባለ እንበል። ሲፈተሽ የቀን ሽያጭ 14,000 ብር በ300 ቀን ተባዝቶ ነው። ገማቾቹ የመጡት የካቲት 15 ነው። ያ ቀን የቅበላ ቅዳሜ ነበር። ሁዳዴ ሰኞ የካቲት 17 ይገባ ስለነበር አገሩ ሁሉ ሥጋ ይበላል፣ ሚዛኑ አያርፍም። ገማቾቹ ያዩት ሽያጭ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን በዓመት ውስጥ እንደዚያ ያለ ቀን በጣት የሚቆጠር ነው። የፋሲካንና የገናን ቀን እንኳ ቢወስዱ ያንን አያገኙም፣ በዓል ላይ ቤተሰቡ ቅርጫ ይገባል እንጂ ከልኳንዳ ተሰልፎ አይገዛም።

የቀኑ ቁጥር ደግሞ ከቀን መቁጠሪያው ጋር ይጣላል። በዚያ የግብር ዓመት ውስጥ ሁዳዴ 55 ቀን፣ ፍልሰታ 15 ቀን፣ ነነዌ 3 ቀን ናቸው። ከእነዚህና ከበዓለ ሃምሳ ውጭ ያሉት ረቡዕና ዓርብ ሲቆጠሩ 68 ቀን ይመጣሉ። ድምሩ 141 ቀን ነው፤ ልኳንዳው በነዚህ ቀናት በሩን አይከፍትም። የነቢያትና የሐዋርያት ጾም ቀርቷል። በነዚህ ጾሞች ረቡዕና ዓርብን ስናወጣ 56 ቀን ይቀራሉ። ጾሙን የሚይዘው ሰው ብዙ ስለሆነ ሽያጩ ይወርዳል፣ ነገር ግን የማይጾም ደንበኛ ስላለ ብዙ ሥጋ ቤት ይሠራል። ስለዚህ ሙሉ ሥራ ያለባቸው ቀናት 168፣ ግማሽ ሥራ ያለባቸው 56 ናቸው። 300 የሚባል ቀን የለም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በነቢያትና በሐዋርያት ጾም ሳይዘጉ «ዘግተን ነበር» የሚሉ አሉ። አጣሪው ከቄራ አንድ የታኅሣሥ የእርድ ደረሰኝ ካገኘ፣ እውነት የሆነው የሁዳዴው ክርክርም አብሮ ይወድቃል። የተሠራበትን ቀን እንደተሠራ ጻፉት። የጾም ሠንጠረዡ በየዓመቱ ይለወጣል፤ የሐዋርያት ጾም ፋሲካ ሲረፍድ ያጥራል፣ ሲቀድም ይረዝማል። ያለፈውን ዓመት ቆጠራ መገልበጥ አይሠራም፤ የዓመቱን አጽዋማት የያዘ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ቅጂ አያይዙ። የሙስሊም ልኳንዳ ቤት የሚያስቆጥረው የራሱን ደንበኞች የሥራ ቀን ነው፣ የሁዳዴ ክርክር ለእርሱ አይሆንም።

ቀን መቁጠር ብቻውን ግን ግምት በግምት ማስተባበል ነው። ክርክሩን የሚያጸናው የእርድ ብዛት ነው። ልኳንዳ ቤት ያላረደውን ሊሸጥ አይችልም። ለእያንዳንዱ ከብት የእርድ አገልግሎት ክፍያ ደረሰኝ ይቆረጣል፣ ሥጋው ተመርምሮ ማህተም ይመታበታል። ነጋዴያችን ደረሰኞቹን ሲሰበስብ በዓመቱ 26 በሬ አርዷል፤ 22ቱን በሙሉ ሥራ ቀናት፣ 4ቱን በግማሽ ሥራ ቀናት። ከአንድ በሬ በሚዛን የሚሸጠው ሥጋ በአማካይ 100 ኪሎ፣ የዓመቱ አማካይ ዋጋ በኪሎ 600 ብር ከሆነ የሥጋው ሽያጭ 1,560,000 ብር ነው። ሆድ ዕቃውን፣ ጭንቅላቱንና ቆዳውን አንድ ላይ በበሬ 2,500 ብር ብንይዝ 65,000 ብር ይጨመራል። ይህን አትተዉት፤ አጣሪው መጠየቁ አይቀርም፣ ሲጠየቅ ከመመለስ ራስ ቀድሞ መጻፍ ይሻላል። ድምሩ 1,625,000 ብር ሆነ።

ከዚያ ግምቱን ገልብጡት። አንድ በሬ ከሥጋው 60,000፣ ከሆድ ዕቃው፣ ከጭንቅላቱና ከቆዳው 2,500፣ በድምሩ 62,500 ብር ያስገኛል፤ 4,200,000 ብር ለዚህ ሲካፈል 67 በሬ ያህል ነው። «ግምቱ ትክክል ከሆነ 67 በሬ ያህል አርጃለሁ ማለት ነው፤ የቄራው መዝገብ የሚያሳየው 26 ነው፤ መዝገቡ ይመርመርልኝ» የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ሦስት ገጽ ከሚሞላ ልመና ይበልጣል። አጣሪው ሄዶ ሊያረጋግጠው የሚችል ነገር ሰጣችሁት ማለት ነው። በጓሮ የሚያርድ ግን ይህ ማስረጃ የለውም፤ ከጤና ሕጉ ጋርም ሌላ ጣጣ ይጠብቀዋል።

ልዩነቱ የብር ብቻ አይደለም። በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ 2 ሚሊዮን ብር የደረሰ ነጋዴ ደረጃ «ሀ» ውስጥ ይገባል። የተጋነነው ግምት ከጸና ነጋዴያችን በማያውቀው የሂሳብ መዝገብ ግዴታ ውስጥ ይወድቃል፣ ተጨማሪ እሴት ታክስም ይከተለዋል።

የባንክና የቴሌብር እንቅስቃሴ ለሁለቱም ወገን ማስረጃ ነው። ከወንድም የተላከ ገንዘብ፣ የዕቁብ ዕጣ፣ ለበሬ መግዣ የተወሰደ ብድር ሁሉ በሂሳቡ ገቢ ሆኖ ይታያል። ተለይቶ ካልቀረበ ሽያጭ ተብሎ ይቆጠራል። በየመስመሩ ጎን ምን እንደሆነ በእስክርቢቶ ይጻፍ፣ የብድር ውሉና የዕቁብ ደብተሩ ገጽ ይያያዝ።

ስለ አቀራረቡ። በፌዴራሉ የግብር አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ቅሬታ የሚቀርበው የግብር ውሳኔው ማስታወቂያ በደረሰ በ21 ቀን ውስጥ ነው። ግለሰብ ነጋዴው የሚዳኘው በክልሉ ሕግ ነው፤ አካሄዱ ተመሳሳይ ነው፣ ቀኑን ግን ከራሱ ማስታወቂያ ላይ ያረጋግጥ። የሚቆጠረው ማስታወቂያው ከደረሰበት ቀን ነውና ሲፈርሙ የተቀበሉበትን ቀን በእጅ ጽፋችሁ ፈርሙ። ታሞ የቆየ ወይም ሌላ በቂ ምክንያት ያለው ሰው ጊዜው ሳያልፍ በጽሑፍ ከጠየቀ እስከ 10 ቀን ሊጨመርለት ይችላል፤ ካለፈ በኋላ መጠየቅ ዋጋ የለውም።

ሕጉ ማመልከቻው ተቀባይነት እንዲኖረው ሦስት ነገር እንዲጻፍ ይፈልጋል፦ የተቃውሞው ምክንያት፣ ውሳኔው እንዲሻሻል የሚፈለገው በምን መልኩ እንደሆነ፣ ማሻሻያው ለምን እንደሚያስፈልግ። በምሳሌያችን ሁለተኛው «ዓመታዊ ሽያጬ ከ4,200,000 ወደ 1,625,000 ብር ይስተካከል» ይሆናል። «በአግባቡ ይታይልኝ» የሚል ጥያቄ ምንም አልጠየቀም። በተጨማሪ ክርክር የሌለበት ግብር አስቀድሞ መከፈል አለበት። ነጋዴያችን 1,625,000 ብር አምኗልና በዚያ ልክ የሚመጣውን ግብር ከፍሎ ደረሰኙን ያያይዛል። ብዙ ጥሩ ማመልከቻ የሚመለሰው እዚህ ላይ ነው፤ ነጋዴው «ክርክር ላይ ነኝ» ብሎ ምንም ሳይከፍል ይቀርባል። ማመልከቻው ጉድለት አለበት ተብሎ በጽሑፍ ከተመለሰ ለማስተካከል አጭር ጊዜ ይሰጣል፣ ስለዚህ መልሱን በዝምታ አትለፉት።

ማመልከቻው በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩና የማስታወቂያው ቁጥር ከላይ ይጻፍ። መዝገብ ቤት ገቢ ሲደረግ ሁለተኛው ቅጂ ላይ ቀንና ማህተም ይመታ። ለአንድ ሠራተኛ በእጅ ሰጥቶ መመለስ እንዳላስገቡ ያህል ነው። ውሳኔው ስህተት መሆኑን የማስረዳት ሸክም የግብር ከፋዩ ነው፤ የተቀበሉበት ቀን ማስረጃም የዚያው አካል ነው።

በዚያው የፌዴራል አዋጅ ቅሬታው በ180 ቀን ውስጥ ካልተወሰነ፣ ነጋዴው በተከታዮቹ 30 ቀናት ለግብር ይግባኝ ኮሚሽን ማቅረብ ይችላል። ቅሬታው ውድቅ ከሆነም ጊዜው 30 ቀን ነው። ለይግባኙ ግን ከሚያከራክረው ግብር 50 በመቶ ማስያዝ ይጠበቅበታል። አንድ ልኳንዳ ቤት ይህን ገንዘብ ከየት ያመጣል? ስለዚህ ውጊያው ያለው እዚሁ ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ፣ በመጀመሪያው ማመልከቻ ላይ ነው።

የዞናችን የገቢ ጽሕፈት ቤቶችን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በግምት በተወሰነ ግብር ማስታወቂያ ላይ የቀን ግምቱ የተወሰደበት ቀንና የተባዛበት የቀን ብዛት ይጻፍ። ሁለት መስመር ነው። ልኳንዳ ቤት፣ ወተት ቤትና ጥሬ ሥጋ የሚሸጡ ምግብ ቤቶች ሲገመቱ ደግሞ ከቅበላ ሳምንት ውጭ፣ ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ወራት ይታዩ፤ የቄራው የእርድ መዝገብ ከዚያው ከማዘጋጃ ቤቱ ስለሚገኝ ከግምቱ በፊት ይመሳከር።

የሂሳብ ባለሙያ፣ ከደብረ ብርሃን