አራት ቤተሰብ፣ አንድ ቆጣሪ፦ ለኤሌክትሪክ አገልግሎት ኃላፊው ግልጽ ደብዳቤ

የተከበሩ ኃላፊ፣

በማመልከቻም በቃልም አቤት ብዬ ከመሥሪያ ቤትዎ ያገኘሁት መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ውላችን ከቆጣሪው ባለቤት ጋር ነው፤ ተከራዮች እንዴት እንደምትካፈሉ እኛን አይመለከተንም።» እንግዲህ በር ዘግተን ስንነጋገር አልተግባባንምና ሰው በተሰበሰበበት ልናገረው።

የምኖርበት ግቢ ውስጥ አራት ቤተሰብ ነን፤ ቆጣሪው ግን አንድ ነው። አከራያችን ቢሉ ሲመጣ ለአራት እኩል ያካፍሉት ነበር። እኔ ብቻዬን የምኖር፣ ከአምፖልና ከአንዲት ትንሽ ፍሪጅ ሌላ የሌለኝ ሰው፣ በኤሌክትሪክ ምድጃ ከሚያበስለውና ውሃ ከሚያሞቀው ጎረቤቴ እኩል ስከፍል ኖሬያለሁ። በመጨረሻ አከራያችንም ነገሩ ገባቸውና በየቤቱ ትንሽ ትንሽ ቆጣሪ ተገጠመ። ንባቡን ዋናው ቆጣሪ በሚነበብበት ቀን እንወስዳለን፤ የአራቱ ድምር ከዋናው የሚያንሰውን ደግሞ የግቢ መብራትና በሽቦ ላይ የሚባክን ነው ብለን እኩል እንካፈላለን። ልዩነቱ ድንገት ካሻቀበ አንድ ቦታ ሳይቆጠር የሚወስድ መስመር አለ ማለት ስለሆነ እንፈትሻለን። እኛ የቤት ሥራችንን ሠርተናል ማለቴ ነው።

ችግሩ ያለው ከእናንተ ታሪፍ ላይ ነው። ሂሳቡን ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ቢሆንም አብረን እንሥራው። ለስሌት እንዲቀል የመጀመሪያው 100 ኪሎዋት ሰዓት እያንዳንዱ በ1 ብር፣ ቀጣዩ 100 በ2 ብር፣ ከ200 በላይ ያለው በ3 ብር ይታሰባል እንበል። ዋናው ቆጣሪ በወሩ 400 አነበበ። የእኔ 40፣ የሁለተኛው ቤት 60፣ የሦስተኛው 90፣ የባለምድጃው 190 ነው። የቀረው 20 የጋራ ስለሆነ ለእያንዳንዳችን 5 ይደርሰናል።

የግቢው ቢል 900 ብር ይሆናል፦ 100፣ ከዚያ 200፣ ከዚያ 600። እያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት በአማካይ 2 ብር ከ25 ወጣበት ማለት ነው። በድሮው አካሄድ፣ ለአራት እኩል ሲካፈል፣ 225 ብር እከፍላለሁ። በትንሿ ቆጣሪ ንባብ ስንካፈል ከ101 ብር በላይ ይደርስብኛል። የራሴ ቆጣሪ ቢኖረኝ ግን በዚሁ ታሪፍ የምከፍለው 45 ብር ብቻ ነበር።

ከሁሉም የሚያበሳጨኝን ልንገርዎት። አራታችን የየራሳችን ቆጣሪ ቢኖረን ሦስተኛው እርከን ላይ የሚደርስ ከመካከላችን አንድም የለም። ባለምድጃው እንኳ የጋራው ሲጨመርበት 195 ላይ ይቆማል። ድምራችንም 495 ብር ብቻ በሆነ። የቀረውን 405 ብር የምንከፍለው ብዙ ስለተጠቀምን ሳይሆን አንድ ሽቦ ላይ ስለተንጠለጠልን ነው። እርከኑ የተሠራው ትንሽ የሚጠቀም በትንሽ ዋጋ እንዲከፍል ነው ትላላችሁ። ግቢ ተጋርቶ የሚኖረው አቅም ያነሰው ሰው ደግሞ በከፍተኛው እርከን ይከፍላል!

በግቢ ውስጥ ይህን ማቃናት አይቻልም። ውዱን እርከን ማን አመጣው? ባለምድጃው «እኔ ብቻዬን ብሆን አልደርስበትም» ይላል፤ እውነቱን ነው። እኔም እንደዚያው እላለሁ። አከራያችን ሁለታችንንም ያዩናል፣ ወረቀቱን ያገላብጣሉ፣ ከዚያ ዝም። ጠቡ እናንተ ዘንድ ተወልዶ ከእኛ ዘንድ ያድጋል።

«ታዲያ የራስህን ቆጣሪ አስገባ» ብሎኝ ነበር አንድ ሠራተኛችሁ። ስጠይቅ የቤቱ ባለቤት ስላልሆንኩ አይቻልም ተባልኩ። ስለዚህ ቆጣሪ ስጠይቅ ደንበኛ አይደለሁም፤ ቅሬታ ሳቀርብም አይደለሁም፤ ሦስተኛው እርከን ሲታሰብብኝ ግን ድንገት ደንበኛ እሆናለሁ።

ቆጣሪ ማዳረስ ካልቻላችሁ የእርከኑን ስፋት በቤተሰቡ ቁጥር አብዙት። አራት ቤተሰብ ላለበት ግቢ የመጀመሪያው እርከን 100 መሆኑ ቀርቶ 400 ይሁን፤ በተመዘገበ የኪራይ ውል ቁጥራችንን ማረጋገጥ ትችላላችሁ። ይህ መንገድ እንከን የለውም አልልም። በምሳሌያችን ግቢው 400 ብር ይከፍላል፤ ይኸውም የተለያየ ቆጣሪ ቢኖረን ከምንከፍለው በ95 ብር ያንሳል፤ ትርፉም በሙሉ የባለምድጃው ነው። እኔ በዚህ አልከፋም፤ የእኔ 45 ብር 45 ሆኖ ይቀራልና። መሥሪያ ቤትዎ ግን ዛሬ 405 በትርፍ እየሰበሰበ ነገ 95 ሊቀርብኝ ነው ብሎ ሊያዝን አይገባውም።

መልስዎን በጽሑፍ እፈልጋለሁ፦ አራት ቤተሰብ እንደ አንድ እንዲቆጠር የሚያዘው የትኛው የታሪፍ ደንባችሁ ነው? አንቀጹን ጥቀሱልኝ። «ከአከራይህ ጋር ተስማማ» የሚለውን በቃል ነግራችሁኛል፤ ተስማምተናል፤ እሳቸውም ይህን ደብዳቤ ከእኔ ጋር ፈርመዋል።