ቀዩ እሸት ለሁሉም ዓይን እንዲለይ፣ መብረቁም ማንንም እንዳይጎዳ፦ የድጋፍ ጥሪ

በአማርኛ ለልጆችና ለገበሬዎች ትምህርታዊ አኒሜሽን የምንሠራ ሰዎች ተሰባስበን የጋራ የፍተሻ ጣቢያ እያቋቋምን ነው። ማንኛውም ሠሪ ፊልሙን ከመልቀቁ በፊት አምጥቶ ሁለት ነገር በነጻ ያስፈትሻል፦ ቀለም የመለየት ችግር ያለበት ሰው ትምህርቱን መከታተል ይችል እንደሆነና በፊልሙ ውስጥ የሚጥል በሽታን ሊቀሰቅስ የሚችል ብልጭታ አለመኖሩን። ለመጀመሪያዎቹ 20 ፊልሞች 135,000 ብር ያስፈልገናል። ገንዘቡ ለምን እንደሚውል ከመዘርዘራችን በፊት ሥራው ምን እንደሚመስል በአንድ ፊልም እናሳያችሁ።

ለናሙና የወሰድነው የሦስት ደቂቃ የቡና ለቀማ ትምህርት ነው። መልእክቱ አጭር ነው፦ ቀዩን እሸት ልቀም፣ አረንጓዴውን ተወው። ጥሬው ከበሰለው ጋር ከተቀላቀለ የቡናው ደረጃ ይወርዳል። እንግዲህ ትምህርቱ በሙሉ የቆመው ተመልካቹ ቀይና አረንጓዴን በመለየቱ ላይ ነው። በጣም የተለመደው ቀለም የመለየት ችግር ደግሞ የሚያምታታው እነዚህኑ ሁለቱን ነው። ችግሩን የሚያመጣው ጂን ኤክስ ክሮሞሶም ላይ ስለሚገኝ በብዛት የሚታየው በወንዶች ላይ ነው፤ ዝርያቸው ከሰሜን አውሮፓ በሆነ ወንዶች መካከል ከመቶ ስምንቱ ያህል አለባቸው። ብዙዎቹ እንዳለባቸው እንኳ ሳያውቁ ያድጋሉ፤ ስለዚህ «አልገባኝም» ብሎ የሚነግራችሁ ሰው አትጠብቁ።

በመጀመሪያው ንድፍ የበሰለው ፍሬ የቀለም ኮድ #C8322B፣ የጥሬው ደግሞ #4F7A28 ነበር። ለአብዛኛው ተመልካች ፍጹም የተለያዩ ናቸው። ነገር ግን ቀለሙን ትተን ድምቀታቸውን ብቻ ከ0 እስከ 1 ባለው መለኪያ ስናሰላ የቀዩ 0.147፣ የአረንጓዴው 0.157 ነው፤ በመካከላቸው ያለው ንፅፅር 1.05 ለ1 ብቻ ነው ማለት ነው። ምስሉን ወደ ጥቁርና ነጭ ብትቀይሩት ሁለቱ ፍሬዎች አንድ ዓይነት ግራጫ ይሆናሉ። የቀይና የአረንጓዴ ልዩነት ለማይታየው ሰው የሚተርፈው ድምቀቱ ነው፤ ድምቀቱም አንድ ከሆነ የሚለይበት ምንም ነገር የለውም።

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር ቀይና አረንጓዴን ትቶ ብርቱካናማና ሰማያዊ መጠቀም ነው። ለግራፍና ለካርታ ጥሩ ምክር ነው፤ ማሳታካ ኦካቤና ኬይ ኢቶ ያዘጋጁት የስምንት ቀለም ስብስብም እዚያ ላይ አስተማማኝ ነው። ለቡና ግን አይሆንም፤ ሰማያዊ እሸት አሳይቶ ለቀማ ማስተማር አይቻልም። ስለዚህ ቀዩ ቀይ፣ አረንጓዴው አረንጓዴ ሆኖ መቅረት አለበት፤ የሚለወጠው ድምቀቱ ነው። የበሰለውን አጥቁረን ወደ ወይን ጠጅ አዘነበልነው፤ ጥሬውን አፍክተን ወደ ቢጫ ወሰድነው። አዲሶቹ #8E1B3A እና #B7CF5A ሲሆኑ ንፅፅራቸው 5.1 ለ1 ደርሷል። ለምስል ክፍሎች `WCAG` በተባለው የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ የተቀመጠው ዝቅተኛ መጠን 3 ለ1 ነው።

ሁለቱን ማስተካከል ሦስተኛውን ያበላሻል። ፍሬው ያለው ቅጠል መካከል ነው፤ የቡና ቅጠል ደግሞ ጥቁር አረንጓዴ ስለሆነ ያጠቆርነው ቀይ እዚያ ውስጥ ይሰምጣል። ስለዚህ ቅጠሉን አደብዝዘን ወደ #7FA08C ወሰድነው፤ የበሰለው ከቅጠሉ 3.09 ለ1 ተለየ። ጥሬው ከቅጠሉ ጋር ያለው ንፅፅር ግን 1.65 ብቻ ስለሆነ በጥቁር መስመር ከበብነው። የመስመሩ ውፍረት በ1080 ፒክስል ከፍታ ስድስት ፒክስል ነው፤ ተመልካቹ ዳታ ለመቆጠብ በ360 ሲከፍተው ሁለት ይሆናል፣ እሱም ገና ይታያል። መስመሩ ባለ ቀለም ሳይሆን ጥቁር እንዲሆን ያደረግንበት ምክንያትም አለ። የተለመደው የቪዲዮ መጭመቂያ የቀለሙን መረጃ ከድምቀቱ በአራት እጥፍ ባነሰ ዝርዝር ስለሚያስቀምጥ ቀጭን ባለ ቀለም መስመር ይደፈርሳል። በድምቀት የተለየ መስመር ግን ይተርፋል።

ይህን የቀለም ፋይል `GIMP` እና `Krita` የተባሉት የሥዕል ፕሮግራሞች ሁለቱም ይከፍቱታል፤ በቅጥያ `.gpl` አስቀምጡት፦

```
GIMP Palette
Name: ቡና
Columns: 4
#
142  27  58  የበሰለ
183 207  90  ጥሬ
127 160 140  ቅጠል
 43  36  34  ዛፍ ላይ የደረቀ
```

አራተኛው ቀለም የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ዛፍ ላይ ቆይቶ የደረቀው ፍሬ ጥቁር ነው። ቀይና አረንጓዴን ከማይለዩት መካከል የአንዱ ዓይነት ሰዎች ዓይን ለቀይ ብርሃን ደካማ በመሆኑ ቀይ ነገር ለእነሱ ከሌላው ሰው በጣም የጠቆረ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ጠቆር ያለው ቀያችንና ደረቁ ፍሬ ለእነሱ በጣም ይቀራረባሉ። በጥቁርና ነጭ የሚደረገው ፍተሻ ይህን አይዝም፤ የሚያሰላው በመደበኛ ዓይን ስለሆነ። መፍትሔውም ቀለም አይደለም፤ ቅርጽ ነው። የበሰለው ድቡልቡል ሆኖ በትከሻው ላይ ነጭ የብርሃን ነጠብጣብ አለው፤ የደረቀው ነጠብጣብ የለውም፣ ቆዳውም የተጨማደደ ነው።

ይህን ራሳችሁ መሞከር ትችላላችሁ። በ`GIMP` ውስጥ `View > Display Filters` ከፍታችሁ `Color Deficient Vision` የሚለውን ጨምሩና በ`Protanopia` እና በ`Deuteranopia` ተራ በተራ ተመልከቱ። በአንድሮይድ ስልክ ደግሞ በ`Developer options` ስር `Simulate color space` የሚል አለ። እነዚህ ግምት ስለሆኑ ለመጀመሪያ ማጥለያ ይበቃሉ፤ የሰውን ዓይን አይተኩም። ለዚህ ነው ቀለም የመለየት ችግር ያለባቸው ስድስት ተመልካቾችን ከፍለን የምንጋብዘው። «ይህ ምን ቀለም ነው?» ብለን አንጠይቅም፤ ሰው ከልምድ ገምቶ ሊመልስ ይችላልና። ምስሉን አቁመን «ከዚህ ቅርንጫፍ የትኞቹን ትለቅማለህ?» እንላለን፤ በጣቱ ያሳየናል። ከስድስቱ አንዱ እንኳ ጥሬ ፍሬ ላይ ጣቱን ካሳረፈ ፊልሙ ተመልሶ ይሠራል።

አሁን ወደ መብረቁ። በፊልሙ መጨረሻ ዝናብ ይመጣና በማድረቂያ አልጋ ላይ የተሰጣው ቡና ይሸፈናል። አኒሜተሮች መብረቅን በለመዱት መንገድ ይሠሩታል፦ ሁለት ፍሬም ነጭ፣ ሁለት ፍሬም ጨለማ፣ እንደገና። በሰከንድ 24 ፍሬም ስለሆነ ይህ በሰከንድ ስድስት ብልጭታ ነው። ያው የ`WCAG` መመሪያ ቢበዛ ሦስት ብቻ ይፈቅዳል። ብልጭታ የሚባለው ድምቀቱ ወጥቶ መልሶ ሲወርድ ወይም ወርዶ ሲወጣ፣ ልዩነቱም ከሙሉው ድምቀት አንድ አሥረኛ ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ነው፤ የጨለማው ወገን ድምቀትም ከ0.80 በታች መሆን አለበት። ጥልቅ ቀይ ያለበት ብልጭታ ለብቻው ይቆጠራል፤ ድምቀቱ ባይለወጥም አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 16 ቀን 1997 በጃፓን ቴሌቪዥን በተላለፈ የልጆች አኒሜሽን ውስጥ ቀይና ሰማያዊ በሰከንድ 12 ጊዜ ያህል ሲፈራረቁ 685 ሰዎች ሆስፒታል ተወስደዋል፤ አብዛኞቹ ልጆች ነበሩ። ብዙዎቹ ከዚያ በፊት የሚጥል በሽታ ታይቶባቸው አያውቅም።

መብረቁን አላወጣነውም። አንድ ብልጭታ ብቻ አስቀረን፤ በሁለት ፍሬም ይወጣል፣ በ20 ፍሬም ቀስ እያለ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለቱ በደመናው ጠርዝ ላይ ብቻ የሚታዩ ሲሆኑ የሰማዩ ድምቀት ከ0.10 ወደ 0.18 ብቻ ይወጣል፤ ልዩነቱ ከአንድ አሥረኛ በታች ስለሆነ እንደ ብልጭታ አይቆጠርም። የቀረውን ነጎድጓዱ ይሠራዋል፤ ድምፁ ዘግይቶ ሲመጣ ዝናቡ የበለጠ ይታመናል።

ፍተሻው የሚደረገው በመጨረሻው ፋይል ላይ ነው። በሰከንድ ሁለት ብልጭታ የነበረው ትዕይንት ኤዲተሩ ፍጥነቱን በእጥፍ ሲጨምረው አራት ይሆናል፤ ብሩህና ጨለማ ትዕይንቶችን በጥቂት ፍሬም እያፈራረቁ መቁረጥም ራሱ ብልጭታ ነው። `ffmpeg` ለተባለው የቪዲዮ ፕሮግራም የሚሰጠው ይህ ትእዛዝ የእያንዳንዱን ፍሬም አማካይ ድምቀት ይጽፍላችኋል፦

```
ffmpeg -i film.mp4 -vf signalstats,metadata=print:key=lavfi.signalstats.YAVG:file=yavg.txt -f null -
```

በ`yavg.txt` ውስጥ ቁጥሩ በጥቂት መስመሮች ልዩነት 150፣ 40፣ 150፣ 40 እያለ የሚዘል ከሆነ እዚያ ቁሙ። ቁጥሩ ጸጥ አለ ማለት ግን ፊልሙ አለፈ ማለት አይደለም። የመላው ፍሬም አማካይ ስለሆነ በስክሪኑ ሩብ ላይ ብቻ ያለ ብልጭታ ሊሰወርበት ይችላል፤ በድምቀት እኩል የሆኑ ቀይና ሰማያዊ ሲፈራረቁም አያይም። ለዚያ ፊልሙን በአካባቢ ከፋፍሎ ቀዩንም ለብቻ የሚቆጥር መሣሪያ ያስፈልጋል። እኛ የምንጠቀመው የጌም ኩባንያው ኤሌክትሮኒክ አርትስ እ.ኤ.አ. በ2023 ኮዱን ለሕዝብ የከፈተውን `IRIS` ነው። የብልጭታ ፍተሻ በሰው ላይ ፈጽሞ አይደረግም። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ፈቃደኛ ነኝ ቢልም አንቀበልም፤ ይህ ክፍል የማሽን ሥራ ብቻ ነው።

ገንዘቡ ለሦስት ነገር ይውላል። ትልቁ ድርሻ፣ 75,000 ብር፣ ፊልሞቹን የሚመረምር አንድ ያገለገለ ኮምፒውተር ከነስክሪኑ መግዣ ነው። ለተመልካቾቹ ለእያንዳንዳቸው በአንድ ፊልም 400 ብር እንከፍላለን፤ ለስድስት ሰው 2,400፣ ለ20 ፊልም 48,000 ብር ይሆናል። የቀረው 12,000 ብር ሦስት ርካሽ ያገለገሉ ስልኮች ይገዛል፤ ተመልካቹ ፊልሙን የሚያየው በአኒሜተሩ ስክሪን ላይ ሳይሆን በእንደዚህ ዓይነት ስልክ ነው፣ ቀለሙም እዚያ ላይ ይለያል።

2,400 ብር የሰጠ ሰው የአንድ ሙሉ ፊልም የተመልካቾች ክፍያ ሸፈነ ማለት ነው። በውጭ አገር ያላችሁ የማትጠቀሙበት ላፕቶፕ ወይም የሚሠራ ስልክ ካላችሁ በሚመጣ ሰው ላኩልን፤ በዓይነት የመጣው ከሚፈለገው ገንዘብ ላይ ይቀነሳል። ቀይና አረንጓዴ የሚምታታባችሁ ደግሞ ለተመልካችነት ተመዝገቡ፤ ስድስቱን ማሟላት ከገንዘቡ ይልቅ ያስቸግራል፣ በተለይ ቀይ ጠቁሮ የሚታያቸውን ማግኘት። የቀለም ፋይሎቹና የእያንዳንዱ ፊልም የፍተሻ ውጤት ሠሪው ሲፈቅድ ለሁሉም ክፍት ይሆናሉ። ከቡናው ቀጥሎ ወረፋ የያዘው የትራፊክ መብራት የሚያስተምር የልጆች ፊልም ነው፤ ኮምፒውተሩ በተገዛ ሳምንት እሱን እንጀምራለን።