ጉዳዩ፦ የተዘጋ የአንድ ደቂቃ ካንድል ለምን እንደሚስተካከል

ለክቡራን ደንበኞቻችን፣

አንዳንዶቻችሁ «የተዘጋ ካንድል ዝቅተኛ ዋጋው ከሰከንዶች በኋላ ተለውጦ አየን» ብላችሁ ጠይቃችሁናል። ያያችሁት ትክክል ነው፤ ሆን ብለን የምናደርገው ነው።

ከባይናንስ የBTCUSDT መስመር የምንቀበለው ያለቀለት ካንድል ሳይሆን ጥሬ ግብይት ነው። እያንዳንዱ ግብይት ከዋጋውና ከመጠኑ ሌላ፣ የተፈጸመበትን ሰዓት `T` በሚሊሰከንድ እና ተከታታይ መለያ ቁጥሩን `t` ይዞ ይመጣል። ወደየትኛው ካንድል እንደሚገባ የሚወስነው `T` ነው፤ እኛ ጋ የደረሰበት ሰዓት አይደለም፦

```
start = T - (T % 60000)
```

ደቂቃው ካለቀ በኋላ 2 ሰከንድ ጠብቀን ካንድሉን እንልካለን። ብንቆይ ማስተካከያው ይቀንስ ነበር፤ ግን 10 ሰከንድ ያረጀ ካንድል ለአብዛኞቻችሁ ምን ይሠራል?

ለምሳሌ በ10:14 ደቂቃ ውስጥ ሦስት ግብይቶች ደረሱን እንበል፦ ቁጥር 101 በ60,010 ዶላር፣ 102 በ60,040፣ 104 ደግሞ በ60,025። መጠናቸው በድምሩ 0.8 ቢትኮይን ነው። 103 የለም። ቁጥሩ ስለዘለለ የጎደለ እንዳለ ወዲያው እናውቃለን፤ ስለዚህ ካንድሉን `rev: 0` እና `complete: false` ብለን እንልከዋለን። በ10:15:06 ላይ 103 ብቅ አለ፦ የተፈጸመው 10:14:47 ላይ፣ ዋጋው 59,990፣ መጠኑ 0.3። (ሰዓቱ ዩቲሲ ነው፤ 10:14 ማለት አዲስ አበባ ላይ ከቀኑ 7 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ነው።)

አሁን ዝቅተኛው ዋጋ ከ60,010 ወደ 59,990 ይወርዳል፣ መጠኑም 1.1 ይሆናል። መዝጊያው ግን 60,025 እንደሆነ ይቀራል፤ 103 ዘግይቶ ቢደርስም የተፈጸመው ከ104 በፊት ነውና። ብዙ ፕሮግራም የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ መጨረሻ የደረሰውን ዋጋ መዝጊያ ያደርገዋል፤ ወይም ይባስ ብሎ 59,990ን 10:15 ካንድል ውስጥ ይከተዋል። የታረመው ካንድል `rev: 1` እና `complete: true` ሆኖ እንደገና ይላካል።

የጎደለው በራሱ ካልመጣ፣ በተለይ መስመሩ ተቋርጦ ሲቀጠል፣ ከመለያ ቁጥሩ ተነስተን በ`historicalTrades` እንጠይቃለን። ያው ግብይት ሁለት ጊዜ ቢደርስ በ`t` ለይተን አንዱን እንጥላለን፤ አለበለዚያ መጠኑ ያብጣል።

በእናንተ በኩል የሚያስፈልገው፣ `start`ቱ አንድ የሆነ ካንድል እንደገና ሲመጣ ከፍ ያለ `rev` ባለው መተካት ነው። ከሥር አዲስ መስመር አድርጋችሁ አትጨምሩት።

ስትራቴጂ በታሪክ ዳታ ለምትፈትኑ ግን `rev: 0`ን ተጠቀሙ። ከላይ ባለው ምሳሌ፣ «60,000 ሲነካ ሽጥ» የሚል በካንድል የሚሠራ ፕሮግራም 10:15:02 ላይ የሚያየው ዝቅተኛ ዋጋ 60,010 ስለሆነ አይሸጥም፤ በታረመው ዳታ ስትፈትኑት ግን የሸጠ ይመስላል። ሁለቱንም ቅጂ በማኅደራችን ስለምናስቀምጥ ስታወርዱ የምትፈልጉትን ምረጡ።

ከሰላምታ ጋር፣
የዳታ ክፍል