መጀመሪያ የበሩን ቁጥር ፎቶ አንሱት

ሰላም ለአዘጋጁ፣

ስለ አከራይና ተከራይ ጭቅጭቅ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ስለ ውል አጻጻፍ ብዙ ብላችኋል። ውሉ፣ ደረሰኙና ፎቶው የት እንደሚቀመጥ ግን አንድም ቃል የለም። እኔ 23 ቤት አከራያለሁ፤ የተቸገርኩትም እዚያ ላይ ነው።

የ7 ቁጥር ተከራይ ሲወጣ የኩሽናው ማጠቢያ ተሰንጥቆ አገኘሁት። «ስገባም እንዲሁ ነበር» አለኝ። ሲገባ የተነሳ ፎቶ አለ ብዬ ስልኬን ከፈትኩ። ቤቶቹ ሁሉ ማጠቢያቸውም ሴራሚካቸውም አንድ ዓይነት ነው፣ በዚያ ሳምንት ደግሞ ሦስት ቤት ነበር ያስረከብነው፣ እናም የትኛው ፎቶ የ7 ቁጥር እንደሆነ እኔው ራሴ መለየት አቃተኝ። ቀኑን ልይ ብል እሱም የለም። ያነሳው ወንድሜ ነው፤ በስልክ መልእክት እንደ ተራ ፎቶ ልኮልኝ ነበር። እንዲህ ሲላክ ፎቶው ይጨመቅና የተነሳበት ቀንና ሰዓት ከውስጡ ይጠፋል። ማስያዣውን ሙሉውን መለስኩ። ሰውዬው እውነቱን ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም፤ የሚከነክነኝም ይሄ ነው።

አሁን ርክክብ ላይ የመጀመሪያው ፎቶ የበሩ ቁጥር ነው። ከዚያ እያንዳንዱ ክፍል ከበሩ ላይ ሆኖ በሙሉ ይነሳል፣ ቀጥሎ ጉዳት ያለበት ቦታ ከቅርብ። የቅርቡ ብቻ ከሆነ ስንጥቁ የየት ቤት እንደሆነ ማንም አያውቅም። የሚላከውም በፋይል መልክ ነው፣ ያኔ ቀኑ አይጠፋም። ስሙ እንዲህ ይጻፋል፦ `07_2024-06-03_መግቢያ_ኩሽና_1.jpg`። በቀኑ አጻጻፍ ዓመቱ ስለሚቀድም የአንድ ቤት ፋይሎች ራሳቸው በጊዜ ቅደም ተከተል ይሰለፋሉ።

ድሮ ውሎችን አንድ ፎልደር፣ ደረሰኞችን ሌላ ፎልደር አደርግ ነበር። ጠብ ሲነሳ ግን የሚፈለገው የአንድ ቤት የአንድ ተከራይ ነገር ሁሉ ባንዴ ነው። ስለዚህ አሁን ለየቤቱ አንድ ፎልደር አለ፣ በውስጡ ለየኪራይ ዘመኑ አንድ፤ ውሉም፣ ደረሰኙም፣ የመግቢያና የመውጫ ፎቶውም እዚያው ነው። የባለቤትነት ማረጋገጫው ብቻ ለብቻው ይቀመጣል፣ ተከራይ በተለወጠ ቁጥር አይለወጥማ። ዋናው ተቆልፎበት ነው፤ ለማንም የማሳየው ቅጂውን ነው።

ከማሽን የሚወጣውን የሚያብረቀርቅ ደረሰኝ በዕለቱ ፎቶ አንሱት። በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ከጊዜ በኋላ ይደበዝዛል፤ ላሚኔት ላድርገው ካላችሁ ደግሞ ሙቀቱ ያጠቁረዋል።

ባለፈው ወር የ12 ቁጥር ተከራይ ለቀቀ። መታጠቢያ ቤቱ ጣሪያ ላይ የእርጥበት ምልክት አየሁና የመግቢያውን ፎቶ ከፈትኩ። ምልክቱ ያኔም ነበር። ማስያዣውን እዚያው ቆጥሬ ሰጠሁት፣ አምስት ደቂቃም አልፈጀብንም።

አንድ አከራይ አንባቢያችሁ