የባዮሎጂ ክበብ ዘገባ፦ አራት ማርክ ለፎቶሲንተሲስ

ዘንድሮ የባዮሎጂ ክበብ የግድግዳ ጋዜጣ አውጥቷል፤ ማይክሮስኮፖቹንም አጽድቶ ሥራ ላይ አውሏል። ከሁሉም በላይ ጊዜያችንን የበላው ግን አንድ የፈተና ጥያቄ ነው፦ "የፎቶሲንተሲስን የብርሃን ደረጃና የጨለማ ደረጃ በአጭሩ አብራራ (4 ማርክ)።" አባላቱ መልስ ይጽፋሉ፣ ወረቀት ይለዋወጣሉ፣ ከዚያ እርስ በርስ ይተራረማሉ። ክርክሩ ሲጦፍ እኔም እገባበታለሁ።

መጀመሪያ አካባቢ አብዛኛው መልስ እንዲህ የሚል ነበር፦ "የብርሃን ደረጃ በቀን ይካሄዳል፣ ኦክስጅን ይወጣል። የጨለማ ደረጃ በሌሊት ይካሄዳል፣ ግሉኮስ ይሠራል።" ላይ ላዩን ሲያዩት ያምራል። ግን "በሌሊት" የሚለው ስህተት ነው። የጨለማው ደረጃ ብርሃንን በቀጥታ አይጠቀምም እንጂ የሚካሄደው በቀን ነው። ሌላም ጉድለት አለ፤ ለእኔ ይሄኛው ይብሳል። በመልሱ ውስጥ ሁለቱ ደረጃዎች አይተዋወቁም። ጥያቄው "አብራራ" ካለ፣ አንዱ ለሌላው ምን እንደሚሰጥ መጻፍ አለበት።

ስለዚህ ከብርሃኑ ደረጃ ጀመርን። ቦታው ክሎሮፕላስት ውስጥ ያለው የታይላኮይድ ሽፋን ነው። ክሎሮፊል ብርሃን ሲያገኝ ኤሌክትሮን ይለቃል። የጎደለውን ለመተካት ውሃ ይሰነጠቃል፤ ኦክስጅንም የሚወጣው ከዚያ ነው። ኤሌክትሮኖቹ ሽፋኑ ላይ ሲተላለፉ የሚለቁት ኃይል የሴሉን ኃይል ተሸካሚ ኤቲፒን ለመሥራት ይውላል። በመጨረሻ ኤሌክትሮን ተሸካሚው ኤንኤዲፒ ይቀበላቸውና ኤንኤዲፒኤች ይሆናል።

እዚህ ላይ ግማሾቹ "ኦክስጅኑ የሚመጣው ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው" ብለው ድርቅ አሉ። የሚያስቅ አይደለም፤ ሳይንቲስቶችም ድሮ ብዙ ጊዜ እንደዚያ ያስቡ ነበር። በ1941 እ.ኤ.አ. ሩበንና ካመን ከባድ ኦክስጅን ያለበት ውሃ ለአልጌ ሰጡ። ከባዱ ኦክስጅን በሚወጣው ጋዝ ውስጥ ተገኘ። ይህን ስነግራቸው ክርክሩ ቆመ።

የጨለማው ደረጃ ቦታ ስትሮማ፣ ማለትም ታይላኮይዶቹን የከበበው የክሎሮፕላስት ፈሳሽ ነው። ሩቢስኮ የተባለው ኢንዛይም ካርቦን ዳይኦክሳይድን አምስት ካርቦን ካለው ሩቢፒ ጋር ያጣምራል። ውጤቱ ወዲያው ለሁለት ይከፈላል፤ እያንዳንዱ ሦስት ካርቦን አለው፣ ስሙም ፒጂኤ ነው። ፒጂኤ ወደ ስኳርነት የሚቀየረው በኤቲፒ ኃይልና ከኤንኤዲፒኤች በሚመጣው ኤሌክትሮን ነው። አብዛኛው ምርት ሩቢፒን መልሶ ለመሥራት ይውላል፤ የሚተርፈው ትንሹ ነው ግሉኮስና ሌላውም ነገር የሚሠራበት። አንዳንድ አባላት "ለአንድ ግሉኮስ 18 ኤቲፒና 12 ኤንኤዲፒኤች ያስፈልጋል" የሚለውንም መጨመር ፈልገው ነበር። ልክ ነው፤ ግን ለአራት ማርክ ቀለም ማባከን ነው።

የዓመቱን ምርጥ ጥያቄ ያነሳችው አንዲት የ11ኛ ክፍል አባል ናት። "የጨለማው ደረጃ ብርሃን ካልፈለገ፣ መብራቱን ስናጠፋ ለምን ይቆማል?" አለች። ሰሌዳ ላይ ወጥተን ሠራነው። መብራት ሲጠፋ ኤቲፒና ኤንኤዲፒኤች መሠራታቸው ይቆማል። የነበረውም ቶሎ ያልቃል። ፒጂኤ ወደ ስኳር መቀየር አቅቶት ይከማቻል፤ ሩቢፒ ደግሞ የሚተካው አጥቶ ይቀንሳል። የጨለማውን ደረጃ ያጠኑት ካልቪንና ባልደረቦቹ በራዲዮአክቲቭ ካርቦን ሲከታተሉ ያዩት ይህንኑ ነው።

ቀጥለን ገለበጥነው፦ መብራቱ በርቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ቢጠፋስ? አሁን ሩቢፒ ይከማቻል፣ ፒጂኤ ይቀንሳል። ኤቲፒና ኤንኤዲፒኤች የሚጠቀምባቸው ስለሌለ፣ ሥራቸውን ሲጨርሱ የሚቀሩት ኤዲፒና ኤንኤዲፒ ወደ ታይላኮይድ አይመለሱም። ስለዚህ የብርሃኑም ደረጃ ይዳከማል። "ለካ ጥገኝነቱ በሁለቱም በኩል ነው" ያለው ከኋላ የተቀመጠ ልጅ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ "በሌሊት" የሚል መልስ አላየሁም ማለት ይቻላል።

ክበቡ በመጨረሻ የተስማማበት መልስ ይኸውና፦

"በብርሃን ደረጃ፣ በታይላኮይድ ሽፋን ላይ፣ ክሎሮፊል የብርሃን ኃይል ይቀበላል፤ ውሃ ተሰንጥቆ ኦክስጅን ይወጣል። ኃይሉ ኤቲፒና ኤንኤዲፒኤች ለመሥራት ይውላል። በጨለማ ደረጃ፣ በስትሮማ ውስጥ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሩቢፒ ጋር ተጣምሮ በእነዚሁ ኤቲፒና ኤንኤዲፒኤች አማካይነት ወደ ስኳር ይቀየራል። ኤዲፒና ኤንኤዲፒ ለብርሃን ደረጃ ይመለሳሉ።"

እኔ ባርም የምፈልገው "በእነዚሁ" የምትለዋን ቃል ነው። ጥያቄው የሁለት ማርክ ከሆነ የቦታዎቹ ስምና የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ሊቀሩ ይችላሉ። እሷ ግን አትቀርም።